ዘፈኑ ሲያልቅ የሚቀረው አዝማቹ ነው



ድብ ባሕር ላይ በአንድ የኒካሕ ድግስ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ምግቡ ተነስቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ቡናው ዞር ሲሉ ከወጣቶቹ መሐል አንዱ ብድግ አለና ራሱ የደረሰውን ግጥም በዜማ ያሰማ ጀመር። ልጁ ትንሽ ሳለ እኔ ዘንድ አሊፍ ባ የቆጠረ፣ ዛሬ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ነው። ግጥሙ በእኛ አገር «የወንዝ ጌታ» እየተባለ ስለሚወራለት መንፈስ ይተርካል። አንዲት ልጃገረድ እንስራ ይዛ ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች፤ ሳትመለስ ትቀራለች። በየአራቱ ስንኝ ታዳሚው ተቀብሎ የሚለው አዝማች አለው። ዜማው ቀላል ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይቀበሉት ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም በእግሬ ምት እየመታሁ ነበር።

አራተኛው አዝማች ላይ አንዲት እናት ከሴቶቹ መሐል ተነሱ። መከናነቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። እኚህ እናት ከዓመታት በፊት በክረምት ልጃቸውን ደራሽ ውሃ የወሰደባቸው ናቸው። ልጁ ይህን አላወቀም ነበር፤ ቢያውቅም ኖሮ ስለ እሳቸው አልጻፈም። ሆኖም ያ አዝማች ተራ ዘፈን ሆኖ እያለ በእኚህ ሴት ላይ እንደ ፍርድ የወደቀው ለምን ይሆን? ውድ አንባቢ፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ግጥሙን ከልጁ ወሰድኩ። በእሱ ፈቃድ ከፍዬ አሳይሃለሁ። ስሙን ግን አልጠቅስም፤ ልቡ ቅን ነው፣ እጁም የሚሠራ ነው።

ግጥሙ እንዴት ተሠራ?

ተራኪ ግጥም ማለት ታሪክ የሚነግር ዘፈን ነው። ሰው አለበት፣ ድርጊት አለበት፣ መጨረሻ አለው። የልጁ ግጥም ስምንት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል አራት ስንኝ ነው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሁለት ስንኝ አዝማች ይመጣል። ልኩ የወል ቤት ነው፤ ማለትም አንድ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም ይይዛል። ቤቱንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይመታል። አባቶቻችን በሠርግም በለቅሶም የተጠቀሙበት ልክ ስለሆነ ጆሮ አይስተውም።

ሦስተኛውን ክፍል እነሆ፦

ዳመናው ከብዶ ነው፣ ከላይ ከተራራ፣
እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ የጠራ፤
እንስራዋን ይዛ፣ ወረደች ከወንዙ፣
ከሩቅ የሚመጣ፣ አልታያት መዘዙ።

ይህ ክፍል ጥሩ ነው። ጥሩ ያሰኘው ማማሩ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ እውነተኛ ነው። ድብ ባሕር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከላይ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ የሊማሊሞ ገደል ወደ ታች ይወርዳል፣ እኛ ከሥሩ ነን። ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ ውሃው በገደሉ ቁልቁል ተሰብስቦ ይመጣል። ታች ያለው ሰው አንዲት ጠብታ ሳታርፍበት፣ ፀሐይ እየሞቀው፣ ወንዙ በድንገት ይሞላበታል። ልጁ ይህን በአራት ስንኝ፣ አንድም ትርፍ ቃል ሳይጨምር ተናግሮታል። «እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው» የምትለዋን ልብ በሉ። ልጃገረዷ ሞኝ ወይም ደፋር ሆና አይደለም የወረደችው። ሰማዩ ብሩህ ስለነበር ነው። እዚህ ላይ ማንም ጥፋተኛ የለም።

አሁን ደግሞ አምስተኛው ክፍል የሚጀምርበትን ሁለት ስንኝ ተመልከቱ፦

እናቷ ተስላ፣ አምና በበሽታ፣
ጥቁር ዶሮ ብላ፣ ቀረች በዝምታ።

እናቲቱ ባለፈው ዓመት ታማ ለወንዙ ጥቁር ዶሮ ተስላ ነበር፤ ድና ስለቷን ሳትሰጥ ቀረች፤ ስለዚህ የወንዙ ጌታ ልጇን ወሰደ ማለት ነው። በአንድ ግጥም ውስጥ ሁለት ምክንያት ገባ። ሦስተኛው ክፍል «ደጋው ላይ ዘነበ» ይላል፤ አምስተኛው «እናቲቱ ዕዳ ነበረባት» ይላል። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው አዝማቹ ነው፦

አንተ የወንዝ ጌታ፣ ዕዳ የማትረሳ፣
ስለቴን ተቀበል፣ ልጄን እንዳትነሳ።

እስቲ እንቁጠር። ታሪኩ ሠላሳ ሁለት ስንኝ ነው። አዝማቹ ሁለት ስንኝ ሆኖ ስምንት ጊዜ ይባላል፤ አሥራ ስድስት ስንኝ ሆነ ማለት ነው። ከጠቅላላው አርባ ስምንት ስንኝ ውስጥ አንድ ሦስተኛው አዝማች ነው። እውነቱን የተናገረው የዳመናው ክፍል ግን አራት ስንኝ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ ያልፋል። ከድግሱ ማግስት ልጆቹን ከዘፈኑ ምን እንደያዙ ብጠይቃቸው ሁሉም አዝማቹን ወጡት። ዳመናውን ያነሳ አንድ እንኳ አልነበረም።

ቤት የመታው ቃል ምን ይዞ መጣ?

ልጁን ቤቴ ጠርቼ አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«ከሁለቱ የአዝማች ስንኞች ቀድሞ የመጣልህ የቱ ነው?»

«ሁለተኛው ነው፣ ኡስታዝ» አለኝ። «‘ልጄን እንዳትነሳ’ የሚለው። እናት ስትለምን ታየኝ።»

«የመጀመሪያውስ?»

«ያ ቤት እንዲመታ ነው። በ‘ሳ’ የሚጨርስ ቃል ፈልጌ ‘የማትረሳ’ የሚለው መጣልኝ። ‘የማትረሳ’ ካልኩ በኋላ የማይረሳው ምን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ፤ ‘ዕዳ’ አልኩ።»

«እናቲቱ ለወንዝ መሳሏንስ ከማን ሰማኸው?»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ከማንም አልሰማሁም። ዕዳ ካለ ተበዳሪ መኖር አለበት ብዬ ነው» አለኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዴት እንደሄደ አየህ። በመጀመሪያ አንዲት የምትለምን እናት ነበረች። ከዚያ ቤት የሚመታ ቃል ተፈለገ። ቃሉ መንፈሱን አበዳሪ አደረገው። አበዳሪ ሲኖር ዕዳ አስፈለገ፤ ዕዳ ሲኖር ተበዳሪ አስፈለገ፤ ቅርብ የተገኘችው ተበዳሪ እናቲቱ ራሷ ሆነች። የምትለምነው እናት በመጨረሻ ጥፋተኛዋ እናት ሆና አረፈች። ይህን ሁሉ ያመጣችው አንዲት «ሳ» ናት።

እኔም የሽማግሌዎቹን ወሬ ልጠይቅ ብዬ በዕድሜ የገፉ ሦስት ሰዎች አነጋገርኩ። ስለ ወንዙ ጌታ ሦስቱም ሰምተዋል። በቀትር በስም ይጠራል፣ የጠሩትን ሰው መስሎ ይታያል ይባል እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ዕዳና ስለ ጥቁር ዶሮ ግን አንዳቸውም በዚህ ወንዝ ላይ የሰሙት የለም። ስለት ለዛፍና ለአድባር ይደረግ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ልጁ ያንን ከሌላ ቦታ የሰማውን አምጥቶ ከወንዙ ጋር አጣብቆታል። አሁን ግን ድብ ባሕር ላይ የሚያድጉ ሕፃናት «የወንዙ ጌታ ዕዳ አይረሳም» ይላሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ጠይቆ ይደርስበታል? «ከጥንት የመጣ ነው» ይባላል።

ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በጀርመን አገር ራይን በሚባለው ትልቅ ወንዝ ላይ ሎሬላይ የሚሉት 132 ሜትር ያህል የሚቆም ቋጥኝ አለ። ወንዙ እዚያ ጠብቦ ይታጠፋል፣ ከውሃው በታች ድንጋይ አለው፣ ብዙ ጀልባ ሰባብሯል። ቋጥኙ ደግሞ ድምፅን መልሶ በማስተጋባት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 ክሌመንስ ብሬንታኖ የሚባል ገጣሚ በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፉ ውስጥ የቋጥኙን ስም ለአንዲት ሴት ሰጥቶ ተራኪ ግጥም ጻፈ፤ በመጨረሻውም ስሟ እንደ ገደል ማሚቶ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በ1824 ሃይንሪሽ ሃይነ ሌላ ግጥም ጻፈባትና ገና ሲጀምር የድሮ ዘመን ተረት እንደሆነች አስመስሎ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ዜማ ወጣላት፣ ልጆች ዘመሯት፣ ሴቲቱ ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ጀልባ ታሰጥማለች ተባለ። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ከጥንት የወረደ ተረት ይመስለዋል። ሴቲቱ የተወለደችው ግን በአንድ ወጣት ገጣሚ ብዕር ነው። ዘፈን እምነትን ተከትሎ ብቻ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ሄዶ ራሱ ይወልደዋል።

መተረክና መጥራት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሦስተኛውንና የአምስተኛውን ክፍል ግሦች ተመልከቱ፤ «ወረደች»፣ «አልታያት»፣ «ቀረች» ይላሉ። ስለ ሌላ ሰው ነው የሚወራው። ዘፋኙ ከውጭ ቆሞ ይናገራል። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ግን አነጋገሩ ይለወጣል፦ «አንተ»፣ «ስለቴን»፣ «ልጄን»። አሁን ወሬ መሆኑ ቀርቶ ጥሪ ሆነ። ደግሞም አዝማች የሚቀበለው ታዳሚው ነው። ድግሱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ስለቴን ተቀበል» ሲል የልጃገረዷን ታሪክ እየሰማ አይደለም፤ እሱ ራሱ እየተሳለ ነው።

መንዙማ እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። እኔ በወጣትነቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ኪታብ ስቀራ በሌሊት መንዙማ ይባል ነበር። መሪው ብዙ ያወርዳል፤ ከግጥሙ ግማሹ ዐረብኛ ስለሆነ ደረሳ ካልሆነ በቀር ሁሉም አይረዳውም። ግን አዝማቹን ሁሉም ይይዘዋል፣ ሁሉም ይቀበለዋል፣ በማግስቱም እንጨት ሲፈልጥ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። አዋቂ መሪ እንግዲህ ዱዓውንና ሶለዋቱን አዝማቹ ላይ የሚያኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የልቡን ጉዳይ ሁሉም አፍ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያስቀምጠዋል።

በቁርኣን ውስጥ በሱረቱል ጂን ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ከሰዎች መካከል በጂኖች የሚጠበቁ እንደነበሩ፣ ይህም ጭንቅን ከመጨመር በቀር እንዳልጠቀማቸው ተነግሯል። ጦበሪና ኢብን ከሢር እንደሚያብራሩት በጃሂሊያ ዘመን መንገደኛ ሸለቆ ውስጥ ሲያድር ድምፁን ከፍ አድርጎ በዚያ ሸለቆ አለቃ መጠበቁን ይናገር ነበር። የሸለቆ ጌታና የወንዝ ጌታ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቁርኣን ይህን ነገር ደብቆ አላለፈውም። ተርኮታል። የተረከው ግን ስለ እነሱ በመናገር ነው፤ ቃላቸውን አፋችን ውስጥ አላደረገውም። በዚያ ላይ መጨረሻውን ነገረን፤ የጠሩት ጥሪ ፍርሃታቸውን ጨመረው።

ስለዚህ «የወንዝ ጌታ» የሚለው ተረት ለምን ተነገረ ብዬ ልጁን አልወቅስም። ጂን መኖሩን እናምናለን፤ የአያቶቻችንን ወሬም ማወቅ ኃጢአት አይደለም። ነውሩ ያለው ከታሪኩ ውስጥ አይደለም፤ ታሪኩ ተቋርጦ ሕዝቡ ሁሉ መንፈሱን «አንተ» ብሎ በሚጠራበት በዚያ ሁለት ስንኝ ውስጥ ነው። ነዝር ዒባዳ ነው፤ ዒባዳ ደግሞ ለአላህ ብቻ ነው። ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ከሠርግ ቤት ይዞት የመጣውን ዘፈን ስትመዝን መጀመሪያ አዝማቹን ስማ፤ ማን ይናገራል? ለማን ይናገራል? ቀሪው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

የአንድ ወንዝ ሁለት ጫፍ

የእኛ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከሊማሊሞ ሥር ወደ ዛሪማ፣ ከዛሪማ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይገባል። ሁለቱም የዓባይ ጫፎች ይህን የእኛን ነገር አይተውታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ለወንዙ ከብት ይታረድ እንደነበር፣ ወንዙም ለፈጣሪ ብቻ በሚገቡ ስሞች ይጠራ እንደነበር ጽፏል። እዚህም ጉዳዩ ያው ጥሪ ነው።

በታችኛው ጫፍ ደግሞ ኢብን ዐብዱልሐከም ስለ ግብፅ መከፈት በጻፈው ኪታብ የሚተርከው አለ። ዐምር ኢብኑል ዓስ ግብፅን ባስተዳደሩበት ጊዜ ሰዎች መጥተው ዓባይ እንዲሞላ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ አስጊጠው እንደሚጥሉበት ነገሯቸው። ዐምር ከለከሉ። ውሃው ቀነሰ። ወደ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ቢጽፉ ከወንዙ እንዲጣል አንዲት ወረቀት ላኩ። በውስጧም ለወንዙ፦ በራስህ የምትፈስ ከሆነ አትፍሰስ፣ የሚያፈስህ አላህ ከሆነ ግን እንዲያፈስህ አላህን እንለምናለን የሚል ሐሳብ ነበረባት። በታሪኩ ውስጥ ውሃው በአንድ ሌሊት ሞላ ይባላል።

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ እንደ ሰነድ አድርጌ አይደለም። ሰነዱ ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው አለ፤ ኢብን ለሂዓም አለበት፤ ስለዚህ ደካማ ነው። ሴት ልጅ ለዓባይ ትጣል ነበር የሚለውንም የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ደግሞም የግብፅ ጎርፍ ይመጣ የነበረው ከወረቀት አልነበረም፤ በእኛ ተራሮች ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚወርደው ዝናብ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን የተረኩት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ወንዙ «አንተ» ተብሎ ይጠራል፤ ልመናው ግን ወደ ወንዙ አልሄደም። የልጁ አዝማች የጎደለው ይህ ነው።

አዝማቹን ለመጠገን የተደረገ ሙከራ

መተቸት ቀላል ነው። ስለዚህ ልጁን ከማረም በፊት እኔ ራሴ ሞከርኩ። የጻፍኩለት ይህ ነው፦

ደጋው ከጠቆረ፣ ቆላው ቢሆን ብራ፣
ወንዙን አትሻገሪ፣ ልጄ ሆይ አደራ።

ልኩም ቤቱም አልጎደለም። እናቲቱ አሁን የምትናገረው ለመንፈሱ ሳይሆን ለልጇ ነው፤ አዝማቹም ከሦስተኛው ክፍል ጋር ታረቀ። ሕፃን ይዞት ቢያድግ ይጠቅመዋል። ደራሽ ውሃ ምልክት አለው፤ ጠርቶ ይፈስ የነበረው ውሃ ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከላይ ድንጋይ ሲንከባለል እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። ያን ጊዜ እንስራውን ትቶ ወደ ከፍታ መሮጥ ነው፤ በኃይል የሚወርድ ውሃ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆን እንኳ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ግን ከምልክቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው የደጋው መጥቆር ነው።

አዝማቹን ለልጁ አሳየሁት። አንብቦ ትንሽ ዝም አለ። አፍሮ ነው እንጂ ሊናገር ፈልጓል። «ተናገር» አልኩት።

«ኡስታዝ፣ ትክክል ነው። ግን አያስለቅስም» አለኝ። «ይሄ ምክር ነው። እናት ልጇን ውሃ ሲወስድባት አትመክርም፤ ትለምናለች።»

እውነቱን ነው። የእኔ አዝማች ልክ ነው፤ ግን ደረቅ ነው። ከመጀመሪያው አዝማች ውስጥ ሰውን የያዘው ልመናው ነበር፤ እኔ ስሕተቱን ሳወጣ ልመናውንም አብሬ አወጣሁት። ብዙ ጊዜ እኛ አስተማሪዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚወደውን ነገር እንወስድና በምትኩ ማስታወቂያ እንሰጠዋለን፤ ከዚያ ልጁ ወደ ቀድሞው ዘፈን ሲመለስ እንገረማለን።

ከሳምንት በኋላ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። በደብተር ወረቀት ላይ የጻፈውን ሰጠኝ፦

የወንዙ ፈጣሪ፣ እኛን የማትረሳ፣
ልጄን ጠብቅልኝ፣ ውሃው ሲነሳሳ።

አንብቤ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አልመለስኩለትም። ተመልከቱት። ቤቱ ያው «ሳ» ነው። «የማትረሳ» የምትለዋም ቃል አልተለወጠችም፤ ቀድሞ የማይረሳው ዕዳ ነበር፣ አሁን የማይረሳው እኛን ነው። ልመናው ሙሉ ነው፤ የሚለመነው ግን ተለውጧል። «እንዳትነሳ» የሚለው ቃል ቀድሞም አንድ እንከን ነበረበት፤ በደንቡ «እንዳትነሳኝ» መባል ሲገባው ለቤት ሲል «ኝ»ን ቆርጦ ነበር፣ ሰሚውም «ተነሳ» ከሚለው ጋር ያምታታው ነበር። አሁን «ሲነሳሳ» ብሎ መነሳትን ለውሃው ሰጠው። በዚያችው ቃል የዳመናው ክፍል አዝማቹ ውስጥ ገባ። መንገደኛ አንድ ቦታ ሲያርፍ አላህ ከፈጠረው ነገር ክፋት ሁሉ በአላህ ሙሉ ቃላት እንዲጠበቅ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን፣ ኸውላ ቢንት ሐኪም ያስተላለፉትንና ሙስሊም የዘገቡትን ዱዓ ልጁ ከእኔ ዘንድ በልጅነቱ ሐፍዞት ነበር። የሸለቆ አለቃ ይጠራበት በነበረው ቦታ የገባው ዱዓ ይህ ነው። ልጁም ያደረገው ያንኑ ነው።

አምስተኛውን ክፍል፣ የጥቁር ዶሮውን፣ እንዲያወጣው አልነገርኩትም። አዝማቹ ሲለወጥ ራሱ አየው። አበዳሪ ከሌለ ዕዳ የለም፤ ዕዳ ከሌለ ያ ክፍል የሚቆምበት የለውም። ሰርዞት በምትኩ እናቲቱ ማታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የሚያሳይ ክፍል ጽፏል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይጎድላል፤ ይህን ለልጁም ነግሬዋለሁ። ስምንተኛው ክፍል ልጃገረዷ ከወንዙ በታች በጨለማ እንደምትኖር ይናገራል። የእኛ ነቢይ (ሶ.ዐ.ወ.) ግን ውሃ የወሰደውን ሙእሚን ከሸሂዶች መካከል እንደቆጠሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ግጥሙ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ገና አልጨረሰም። እየሠራበት ነው።

እኚያን እናት ባለፈው በመንገድ አገኘኋቸውና ይህንኑ ሐዲስ ነገርኳቸው። ከዚህ በፊት ሰምተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሰምቼዋለሁ» አሉኝ፤ «ግን ሰው የሚያወራው ሌላውን ነው።» ከዚያ የልጁን አዲስ አዝማች አልኩላቸው። አንድ ጊዜ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስለው ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

አላህ አንደበታችንን በሚጠቅመን ነገር ያርጥበው፤ ልጆቻችንንም ከውሃውም ከወሬውም ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።